«ናነካ» ለምን አልተባለም? ስለ ድግመት ለተማሪዬ የተጻፈ ደብዳቤ

ለውድ ተማሪዬ፣

ምዕራፍ ሦስትሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ቀን ላይ ከዚራ ካሉት ዛፎች ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ ሁለተኛ ደግሞ ሌሊት፣ የድሬዳዋ ሙቀት በረድ ሲልልኝ፣ ምሳሌዎችሽን አንድ በአንድ ጮክ ብዬ እየጠራሁ። በሁለተኛው ንባብ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። «በአማርኛ ድግመት እንደማንኛውም ቅጥያ በግንድ ላይ የሚታከል ክፍል ነው፤ ልዩነቱ ድምፁን ከግንዱ መዋሱ ብቻ ነው» ብለሻል። በኅዳጉ ላይ «ይታረም» ብዬ መመለስ እችል ነበር። ነገር ግን ይህች ዓረፍተ ነገር የአንቺ ብቻ አይደለችም፤ የመስኩ ሊቃውንት ከሃምሳ ዓመት በላይ የተመላለሱባት ናት። ስለዚህ ጥያቄውን ከሥሩ ልዳስስልሽ ብዬ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

በመጀመሪያ ትክክል ያልሽውን ልናገር። ሰበረ ሰባበረ፣ ቆረጠ ቆራረጠ፣ ፈለገ ፈላለገ ይሆናል። ሕጉን እንዲህ አስቀምጠሻል፦ ከመጨረሻው ቀጥሎ ያለውን ተነባቢ ውሰድ፣ «ኣ» ጨምርለት፣ ከዚያው ተነባቢ በፊት ሰካው። ከዚያ ባለ አራት ተነባቢ ግሶችን አምጥተሽ ገለበጠ ገለባበጠ፣ መሰከረ መሰካከረ እንደሚሆን አሳየሽ። ይህ ጥሩ እርምጃ ነው። ቆጠራው ከግራ ቢሆን ኖሮ የሚደገመው ሁልጊዜ ሁለተኛው ተነባቢ ይሆንና ገለበጠ «ገላለበጠ» ይል ነበር። አላለም። ቆጠራው ከቀኝ ነው። ይህን ያሳየሽበት ገጽ በምዕራፉ ውስጥ ከሁሉ የጠነከረው ነውና አትንኪው።

የሐሳቡን ምንጭ ግን በሚገባ አልገለጽሽም። ሮኒ ዊልበር እ.ኤ.አ. በ1973 በድግመት ላይ ባቀረበችው ሥራ፣ የተደገመው ክፍልና ምንጩ አንዳንዴ ተራ የድምፅ ሕግ ከሚፈቅደው በላይ እየተመሳሰሉ እንደሚሄዱ አመለከተች። አንዱ ሲለወጥ ሌላውም አብሮ ይለወጣል፤ ወይም አንዱ እንዳይለወጥ ሌላው ይይዘዋል። አሌክ ማራንትዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ነገሩን አቀለለው። ድግመት ቅጥያ ነው፤ የሚለየው ይዘት የሌለው ባዶ እቃ ሆኖ መምጣቱ ነው፤ ይዘቱን አጠገቡ ካለው ግንድ ይቀዳል አለ። ዓረፍተ ነገርሽ የዚህ ሐሳብ ልጅ ናት። ሐሳቡ ውበት አለው፤ በብዙ ቋንቋም ይሠራል። እኔም ተማሪ ሳለሁ በሙሉ ልቤ ተቀብዬው ነበር። የተጠራጠርኩት ከተራው ሰበረ ወጥቼ ወደ አጫጭሮቹ ግሶች በገባሁ ጊዜ ነው።

አሁን ነካን ያዢ። ልጅ የእናቱን ስልክ ሲያበላሽ «አትነካካ!» እንለዋለን። ነካ፣ ነካካ። ቀጥሎ ሳመን ያዢ፦ ሳመ፣ ተሳሳሙ። ሁለቱም ግሶች ሲጻፉ ሁለት ሁለት ፊደል፣ ሲነገሩም ሁለት ሁለት ተነባቢ አላቸው። ሕግሽን በነካ ላይ እንሞክረው። ከመጨረሻው ቀጥሎ ያለው ተነባቢ «ን» ነው። «ን»ን ወስደን «ኣ» ጨምረን ፊቱ ብንሰካው «ናነካ» እናገኛለን። ማንም እንዲህ አይልም። የተደገመው «ክ» ነው። በሳመ ላይ ግን ያው ሕግ ልክ ይሰጣል፤ «ስ» ይደገምና ሳሳመ ይሆናል። እንግዲህ ሁለት ተነባቢ ካላቸው ሁለት ግሶች አንዱ የፊቱን፣ ሌላው የኋላውን ይደግማል።

ይህን በፊደል አስቀምጠሽ ተመልከቺው። በሰባበረ የገባው «ባ» መካከል ነው፤ ውስጠ ቅጥያ ይመስላል። በሳሳመ የገባው «ሳ» ፊት ነው፤ ቅድመ ቅጥያ ይመስላል። በነካካ የገባው «ካ» መጨረሻ ነው፤ ድኅረ ቅጥያ ይመስላል። ትርጉሙ አንድ፣ ከተ- እና ከአ- ጋር የሚገባበት ሰዋስዋዊ ቦታም አንድ ሆኖ ሳለ ሦስት የተለያዩ ቅጥያዎች አሉ ልንል ነው? ፊደላችን እዚህ ላይ ያሳስታል። ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ፣ አንድ ፊደል ሲጨመር ስናይ አንድ ክፍል የተቀጠለ ይመስለናል። በቃለ መጠይቅ ቅጂዎችሽ ላይ ጥብቀትንም ምልክት አድርጊ፤ ያለዚያ የነገሩ ግማሽ ይጠፋል። ይሰብራል ሲባል «ብ» ይላላል። ይሰባብራል ሲባል ግን ሁለተኛው «ብ» ይጠብቃል። የገባው «ባ» ብቻ ከሆነ ጥብቀቱን ማን አመጣው? አንድ ቁራጭ እንደተሰካ ሳይሆን የግሱ ቅርጽ በሙሉ እንደተለወጠ የሚነግረን ይህ ነው።

ለነካካና ለሳሳመ የቆየው መልስ በግዕዝ በኩል ይመጣል። ሰማ ሰምዐ ነበር፤ በላ በልዐ ነበር። ሦስተኛው ተነባቢ የጉሮሮ ድምፅ ነው፤ በአማርኛ ጠፍቶ «ኣ»ን ትቶ ሄደ። ሰምዐ ሲቆጠር ከመጨረሻው ቀጥሎ ያለው «ም» ነውና ተሰማማ ሆነ፤ በልዐም እንዲሁ ተበላላ ሆነ። ሳመ ደግሞ ሰዐመ፣ ላከ ደግሞ ለአከ ነበሩ። በእነዚህ መደገም የነበረበት መካከለኛው የጉሮሮ ድምፅ ነው። እርሱ ግን የለም። የጠፋ ድምፅ ቢደገምም የሚሰማ ነገር አይተርፍም፤ ስለዚህ ቋንቋው አጠገቡ የተገኘውን ወሰደ፤ ተሳሳመ፣ ተላላከ አለ። የድግመቱ ቦታ የሚለካው በሚሰሙት ድምፆች ሳይሆን የግሱ አጥንት በሆነው ባለ ሦስት ቦታ ንድፍ ላይ ነው። ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1979 በመመረቂያ ሥራው፣ ቀጥሎም በ1981 ባወጣው ጽሑፍ በዐረብኛ ላይ ያሳየው ይህን ነው። ሥሩ ለብቻው፣ ንድፉ ለብቻው፣ አናባቢዎቹም ለብቻቸው የሚቆሙ ናቸው አለ። ሴማዊ ቋንቋ የሚናገር ሰው ይህን ሲያነብ የሚያውቀውን ነገር ስም ሲያወጡለት የሰማ ያህል ይሰማዋል።

ነገር ግን በዚህም አልረካም። የዛሬ ተናጋሪ ሰምዐን መቼ ያውቀዋል? አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ሦስት የሌሉ ግሶችን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦ «ዘከጠ»፣ «ፈዣ»፣ «ዣፈ»። «እየደጋገመ አደረገው ስትሉ ምን ትላላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። ዘካከጠ፣ ፈዣዣ፣ ዣዣፈ አሉኝ። ከመካከላቸው በቤታቸው ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ እየተናገሩ አድገው አማርኛን በሰፈርና በትምህርት ቤት የለመዱ ነበሩ፤ እነርሱም ያው ነው ያሉት። አንድ የክፍል ሰዓት ጥናት አይባልምና በምዕራፍሽ እንዳትጠቅሺው። ግን አስቢበት፦ ፈዣ ግዕዝ የለውም፤ የጠፋ ጉሮሮም የለውም። ተማሪዎቹ የተመሩት በ«ኣ» መቀመጫ ነው። «ኣ» መጨረሻ ላይ ሲሆን እርሱን የተሸከመው ተነባቢ ይደገማል፤ «ኣ» ፊት ላይ ሲሆንም እንዲሁ። የተራዘመው አናባቢ በንድፉ ላይ ሁለት ቦታ እንደያዘ ይቆጠራል ማለት ነው። ስለዚህ የጠፋው ድምፅ በተናጋሪው ጭንቅላት ውስጥ አለ ለማለት አንገደድም። ያለው ቦታው ነው።

ይህን ካልሁ በኋላ ለአንቺ ወገን የሚሆነውን ማስረጃ ደብቄ ባልፍ አላግባብ ይሆናል። አንዳንዶች ከማካርቲ በመነሣት ድግመት ራሱ የለም እስከማለት ይደርሳሉ። እንደ እነርሱ አባባል ያለው አራት ተነባቢ የሚጠይቅ ንድፍ ነው፤ ሥሩ ሦስት ብቻ ሲኖረው ጎደሎውን ለመሙላት አንዱ ይደገማል። ለዚህ ተገላበጠንና ተመሳከረን ይጠቅሳሉ። ባለ አራት ተነባቢ ሥር ምንም ሳይደግም በሰባበረ ቅርጽ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባልና። ማስረጃው ያምራል፤ ግን ሙሉ አይደለም። ንድፉ አራት ቦታ ብቻ ቢኖረው ገለባበጠ ከየት መጣ? አራት ተነባቢ እያለው አምስተኛ ጨምሯል። ተረጎመ ከሚለው ግስ የምናወጣው አተረጓጎምም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በርግጥ የሚታከል ነገር አለ። የሚታከለው ግን ድምፅ አይደለም፤ ከመጨረሻው ክፍለ ቃል በፊት የሚከፈት አንድ ቦታ ነው። ቦታው በንድፉ ላይ ይቆጠራል፤ የሚሞላውም ሥሩ በዚያ አካባቢ ባለው ተነባቢ ነው። ምዕራፍሽ ይታረም የምለው በዚህ ልክ ነው። ቅጥያ የሚለውን ቃል ከነሥሩ ነቅለሽ ጣዪው አላልኩም።

ቅጽሎቹን ስትመለከቺ ይህ ይበልጥ ይታያል። ቀፊራ ገበያ ማንጎ ስትገዢ ሻጯ «ትልልቁን ልምረጥልሽ?» ትልሻለች። ትልቅ ትልልቅ፣ ትንሽ ትንንሽ ይሆናል፤ እዚህ «ኣ» የለም። ረጅም ረጃጅም፣ አጭር አጫጭር ይሆናል፤ እዚህ ደግሞ አለ። እንግዲህ «ኣ» የቅጥያው ቋሚ አካል ነው ማለት አይቻልም። ወፍራምን ደግሞ ተመልከቺ። አራት ተነባቢ ይሰማል፦ ው፣ ፍ፣ ር፣ ም። ሕግሽ እንደሚለው «ር» መደገም ነበረበት፤ የሚባለው ግን ወፋፍራም ነው። የመጨረሻዋ «ም» የሥሩ አይደለችም፤ ግሱ ወፈረ ነው። የሚደግመው እጅ «ኣም»ን አልፎ ሥሩን ይቆጥራል። ሳምንት ሙሉ ምሳሌ ስፈልግ ከርሜ ይህችን ያገኘሁት ከገበያ ነው።

አሁን ከሁሉ አስቸጋሪ ወደሆነው ልግባ። ድግመት የሚፈጸመው መቼ ነው? ድምፆቹ ከመለወጣቸው በፊት ወይስ ከተለወጡ በኋላ? ቅጥያ ነው ከተባለ መልሱ አንድ መሆን ነበረበት። አማርኛ ግን ሁለት መልስ ይሰጣል።

አገኘን ተመልከቺ። «ኝ» ጥንት «ን» እና «ይ» ነበር፤ «ይ» «ን»ን ወደ ላንቃ ሳበው። እርስ በርስ ሲሆን ተገናኘ እንላለን። የተደገመው «ን» ነው፤ ምንጩ ግን «ኝ» ሆኗል። ግልባጩ ከምንጩ የጥንቱን መልክ ይዞ ቀረ። እኔ የምረዳው ድግመቱ የተፈጸመው «ን» ገና «ን» ሳለ ነው በሚል ነው። ሌላውን ምሳሌ ሬዲዮ ላይ በየቀኑ ትሰሚዋለሽ፦ «ስብሰባው ተካሄደ»። ይህ ከሄደ የወጣ ነው። የግዕዙ ኬደ «ክ» በአማርኛ ላልቶ «ህ» ሆነ፤ አስኬደ ስንል ግን አሁንም «ክ» ነው። በተካሄደ ውስጥ ሁለቱ ቅጂዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ «ክ»፣ ሌላው «ህ»። ይካሄዳል ስትይ የፊተኛው ይጠብቃል፤ የጠበቀ «ክ» ደግሞ በቀላሉ አይላላም። በእነዚህ ቃላት ድግመቱ ጥንታዊ ነው፤ የድምፅ ለውጡ በኋላ መጥቶ አንዱን ነክቶ ሌላውን ሳይነካ አልፏል።

በሌላ በኩል ኖረን፣ ሮጠንና ቆመን ያዢ። ሥራቸው መካከል ላይ «ው» አለ። ድግመቱ በሥሩ ላይ ቢፈጸም ኖሮ መደገም የነበረበት ያው «ው» ነው። የምንለው ግን አኗኗር፣ ተሯሯጠ፣ ተቋቋመ ነው። «ው» መጀመሪያ ከፊቱ ተነባቢ ጋር ተዋሐደ፤ ከዚያ የተዋሐደው ድምፅ እንዳለ ተደገመ። ረጃጅምም እንዲሁ ነው። ግሱ ረዘመ ሆኖ ሳለ ቅጽሉ «ረዛጅም» አላለም፤ የተለወጠው «ጅ» ሁለቴ ቆመ። ሰለቸም ቢሆን ተሰለቻቸ ሆኖ «ች»ን እንዳለች ደገመ። እዚህ ግልባጩ ምንጩን ይመስላል፤ ያውም ዊልበር ያለችውን ያህል።

የመጀመሪያ ረቂቅሽ ይህን «የማይመች ምሳሌ» ብሎ በግርጌ አስቀምጦት ነበር። አይሆንም። ልብ ያለው እዚህ ነው። ማካርቲና አለን ፕሪንስ እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረቡት ሐሳብ ከዚህ ዓይነቱ ችግር የተነሣ ነው። ቅጂውና ምንጩ አንዱ ከአንዱ ጋር የሚነጻጸሩበት የመመሳሰል ግዴታ አለ፤ ግዴታው ከሌሎች የድምፅ ግዴታዎች ጋር ይመዘናል፤ የከበደው ያሸንፋል ይላሉ። በዚህ መሠረት ተሰለቻቸ መመሳሰል ያሸነፈበት ነው። ተገናኘን ግን እንዴት ታስገቢዋለሽ? የዛሬ ሰዋስው የሠራው አድርገሽ ከወሰድሽው ግዴታው ተሸንፏል፤ ያኔ በተሰለቻቸ ለምን እንዳሸነፈ ማስረዳት ያቅትሻል። የእኔ ፍርድ ተገናኘና ተካሄደ እንዳሉ ከትናንት የተረከብናቸው፣ ዛሬ የማይመረቱ ቃላት ናቸው የሚል ነው። ምዕራፍሽ ውስጥ ሁለት ሠንጠረዥ ያስፈልግሻል፤ አንደኛው ዛሬም የሚያፈራው፣ ሁለተኛው የተወረሰው። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ካደባለቅሽ ማንኛውም ትንታኔ ይፈርስብሻል፤ ጥፋቱን ግን በትንታኔው ላይ ትጥያለሽ።

ስለ ትርጉም በሁለት ገጽ የጻፍሽውን በአንድ ነጥብ ልንካው። «ድግመት መደጋገምን ያመለክታል» ብለሻል። ሰባበረ ላይ እውነት ነው። ነካካ ላይ ግን መደጋገም ብቻ ሳይሆን ጠበቅ አድርጎ አለመያዝ፣ ከላይ ከላይ ማለፍም አለበት። ተነጋገሩ ላይ እርስ በርስነት ነው። አነጋገር ላይ ደግሞ ምንም መደጋገም የለም፤ የአንድ ጊዜ ንግግርም አነጋገር አለው። አጻጻፍ፣ አበላል፣ አመጣጥ፣ አገባብ ሁሉ እንዲሁ ናቸው። የጌታሁን አማረ የሰዋስው መጽሐፍ በርዕሱ «በቀላል አቀራረብ» ሲል የተደገመ ቅርጽ ይዟል፤ ግን ደጋግሞ መቅረብ ማለቱ አይደለም። ቅጥያ በየሄደበት የራሱን ትርጉም ይዞ መሄድ ነበረበት። እዚህ ግን ቅርጹ አንድ ሆኖ ትርጉሙን የሚሰጠው ከተ-፣ ከአ- እና ከአናባቢዎቹ ጋር ያለው ሙሉ ግንባታ ነው። ሻሮን ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2003 በትግረ ላይ ያሳተመችውን አንብቢ። ትግረ ያንኑ የኛን ደገመ ደጋግሞ ይደግመዋል፤ የተደገመውን ክፍለ ቃል ሁለቴና ሦስቴ ማባዛት ይቻላል። ትርጉሙ ግን እየበዛ አይሄድም፤ አልፎ አልፎ ማድረግ፣ ከዚያም እጅግ አልፎ አልፎ ማድረግ እያለ እየሳሳ ይሄዳል። ድምፅ ሲበዛ ድርጊት ይበዛል የሚለው ግምት እዚያ ላይ ይቆማል።

የጎረቤቶቻችንን ቋንቋዎች ያስገባሽበትን ክፍል ወድጄዋለሁ። ድሬዳዋ የምትኖር ተማሪ ያንን ካልጻፈች ማን ይጽፈዋል? ግን ከአማርኛው ጋር በአንድ ከረጢት ከተሻቸዋል፤ እነርሱ ቅጥያ ለሚለው ትንታኔ ከአማርኛ ይልቅ የተመቹ ናቸው። በኦሮምኛ ጉዳ ትልቅ፣ ጉጉዳ ትልልቅ ነው፤ ጨብሴ ሰበረ፣ ጨጨብሴ ሰባበረ ነው። ሁልጊዜ ፊት ይመጣል፣ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ተነባቢና አናባቢ ይወስዳል፣ ቀጥሎ ያለውን ተነባቢም ያጠብቃል። የግንዱ አናባቢ ረጅም ቢሆን እንኳ የተደገመው አጭር ነው። ይህ የራሱ ልክ ያለው ቅድመ ቅጥያ ነው፤ ማራንትዝ የሳለው ባዶ እቃ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በሶማሊኛ ኮብ የሚለው ኩባያ ሲበዛ ኮበብ፣ ሚስ የሚለው ጠረጴዛ ሲበዛ ሚሰስ ይሆናል። ይህም በመጨረሻ የሚቀጠል አናባቢና የመጨረሻው ተነባቢ ግልባጭ ነው። ትንሽ ለሚለው ያር ብዙው ያርያር ነው፤ ቃሉ በሙሉ ተደግሟል። ለዚህ ዓይነቱ ሻሮን ኢንኬላስና ሼሪል ዞል እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት መጽሐፍ ይረዳሻል። እነርሱ ሰዋስው አንድን ግንድ ሁለት ጊዜ የሚጠራበትን ድግመት፣ ድምፅ ጎደሎ ቦታ ለመሙላት ከሚገለበጥበት ይለያሉ። ያርያርና የኛ ቶሎ ቶሎ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። ሰባበረ፣ እንደኔ፣ ከሁለተኛው ነው። ኦሮምኛውና ሶማሊኛው የተመቹት በእነርሱ ግሶች ውስጥ ሥርና ንድፍ እንደኛ ስላልተነጣጠሉ ነው፤ ግንዱ ሙሉ ሆኖ ይቆማል፤ የሚቀጠለውም ጫፉ ላይ ይቀጠላል። «በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ድግመት» የሚለውን ርዕስ አጥብቢው፤ ባለቤቱ አማርኛ ይሁን፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ማነጻጸሪያ ይሁኑ።

ስታርሚ ከየት እንደምትጀምሪ ልንገርሽ። ሰበረን የመሳሰሉትን ሠላሳ ምሳሌዎች ወደ አምስት አውርጂያቸው፤ ሠላሳውም የሚሉት አንድ ነገር ነው። በምትካቸው ሦስት ክምችት አድርጊ። አንደኛው መጨረሻቸው «ኣ» የሆነ፣ እንደ ነካ፣ ፈታ፣ ቀባ ያሉት። ሁለተኛው ፊታቸው «ኣ» የሆነ፣ እንደ ላከ፣ ጻፈ፣ ያዘ ያሉት። ሦስተኛው በመጨረሻቸው የላንቃ ድምፅ ያለባቸው። ከዚህ ከሦስተኛው ብዙ አታገኚም፤ የሚገኘው ግን ወርቅ ነው። ተናጋሪዎችሽን ስትጠይቂ ቃሉን አንቺ አትናገሪላቸው። «ይሄ ይባላል?» ብለሽ ከጠየቅሽ አብዛኛው ሰው ላለማሳፈር «አዎ» ይልሻል። ታሪክ ንገሪያቸውና ግሱን ራሳቸው ይሙሉት።

አንድ ቃል እኔንም ያስቸግረኛል። ሸኘ እንደ አገኘ ሁሉ በ«ኝ» ያልቃል። ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ አንዱን ቤቱ ድረስ ሲያደርስ፣ ያኛውም መልሶ ሲሸኘው እኔ «ተሸኛኙ» እላለሁ፤ «ተሸናኙ» አልልም። ይህ ከተገናኙ ጋር አይገጥምም፤ ከተሰለቻቹ ጋር ግን ይገጥማል። ተገናኘ የተወረሰ፣ ተሸኛኘ ዛሬ የተሠራ ነው የሚለው ግምቴ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው በዚህች ቃል ነው። መጋላ ያሉት አክስትሽና እዚያ የሚሰበሰቡት ሴቶች ምን እንደሚሉ አዳምጪ፤ ከተቻለ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸውን ለብቻ፣ ወጣቶቹን ለብቻ መዝግቢ። አሮጊቶቹ «ተሸናኙ» ካሉሽ ሠንጠረዦቹን እንደገና እንሠራቸዋለን። ማክሰኞ ከሰዓት ቢሮ ነኝ፤ ቅጂውን ይዘሽ ነይ።

መምህርሽ፣
ከድሬዳዋ